ያልተያዘው ቀጠሮና የለስላሳ ስም

ፀጉር ሠሪዋን ደንበኞቿ «ለስላሳ» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት እጇ ነው፤ ሲያበጥሩ እንባ ከሚያስመጡት ወገን አይደለችም። አንድ ጊዜ ሚስቱን ሊወስድ የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ አንዷ ገብታ «ለስላሳ አለች?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቶ «ቀዝቃዛ ከሆነ ለእኔም አንድ» አለ ይባላል። እሷም ይህን ራሷ እየደጋገመች ታወራውና ከሰሚው በላይ ትስቃለች።

ቤቷ ከአንድ ፎቅ ሥር ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ሦስት ወንበር፣ አንድ የፀጉር መታጠቢያ፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ አለው፤ ከካስኮቹ አንዱ ሲሞቅ ስለሚያጉረመርም «ሽማግሌው» ይሉታል። ሴቶቹ ከካስኩ ሥር ሆነው የሚያወሩት ሁሉ እሷ ጆሮ ይገባል። የተሰበረ ጥርስ ማን እንደሚጠግን፣ የሚከራይ ቤት የት እንዳለ፣ ሳይዋሽ ልብስ በቀጠሮው የሚያደርስ ሰፊ ማን እንደሆነ የሚጠየቀው እሷ ናት። «ለስላሳ ልካኝ ነው» ያለ ሰው ብዙ በር ላይ ጥሩ ፊት ያገኛል። በዚህ ትኮራ ነበር። ለላከችበት ግን ከማንም ምንም ተቀብላ አታውቅም።

ከእሷ ቤት በላይ፣ በደረጃው አናት፣ የጉዞ ወኪል ቢሮ አለ። የቢሮው ባለቤት ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ድምጿ ረጋ ያለ ሴት ናት። ቅዳሜ ማለዳ ቤቱ ሳይከፈት ወርዳ ፀጉሯን ትሠራለች፤ ይህ ለዓመታት የቆየ ነው። ትዳሯ ሲፈርስ ያለቀሰችው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ያን ቀን ለስላሳ በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ ሲያንኳኩ የነበሩትን ደንበኞች «ውሃ ጠፍቷል» ብላ መልሳለች። ከዚያ ወዲህ «እህቴ» ነው የሚባባሉት። የአንዷ ልጅ ሲታመም ሌላዋ ሱቋን ዘግታ አብራ ሆስፒታል ትሮጣለች።

ለስላሳ የሥጋ እህትም አላት፤ እቴቴ ትላታለች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገቻት እሷ ናት። ሰው ቤት እየሠራች አስተምራታለች፣ የመጀመሪያውን ካስክም የገዛችላት እሷ ናት። እቴቴ ለሥራ ባሕር ተሻግራ እዚያው ቀረች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም። ዳሌዋን ከታመመች ቆየት ብሏል። በመጨረሻ ሐኪሞቹ የተበላውን መገጣጠሚያ አውጥተው በሰው ሠራሽ ሊቀይሩላት ወሰኑ፤ የቀዶ ጥገናውንም ቀን ነገሯት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚረዳት ሰው ያስፈልጋል ሲሏት ደወለች። «ነይ» አላለችም፤ እንዲህ ብሎ መጠየቅ አትችልበትም። «እንዲህ እያሉኝ ነው» ብቻ አለች። ለስላሳ ስልኩን እንደዘጋች ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ደረጃውን ወጣች።

ወኪሏ እቅፍ አድርጋ ተቀበለቻት። የሚያስፈልገውን ነገረቻት፤ ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ የባንክ መግለጫ፣ የንግድ ፈቃድ ቅጂ፣ የእህቷ የግብዣ ደብዳቤ፣ የሆስፒታሉ ወረቀት። ዋናው ችግር የቪዛ ማመልከቻ ማዕከሉ ቀጠሮ ነው አለቻት፤ ክፍት ቀን የሚለቀቀው አልፎ አልፎ ነው፣ በለቀቁት ቅጽበትም ይያዛል። «እኔ ቀንም ሌሊትም ኮምፒውተሩ ላይ ነኝ፤ አንቺ ስለ ቀጠሮው አታስቢ» አለች። የወኪልነቱንም የማመልከቻውንም ክፍያ አንድ ላይ ተቀብላ ደረሰኝ ቆረጠችላት። የለስላሳ ባል ብረት በያጅ ነው፤ ነገር አያበዛም። ማታ ደረሰኙን ገልብጦ አየና «ቀጠሮ የሚል ቃል የለበትም፤ ‹የማማከር አገልግሎት› ነው የሚለው» አላት። እሷም ተቆጣችው። «ከእህቴ ጋር ልከራከር እንዴ?» አለችው። ደረሰኙን አጥፎ መለሰላት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጠየቅ ሆነ። «ተገኘ?» ትላለች ለስላሳ። «ቀርቧል» ትላለች ወኪሏ። የቀዶ ጥገናው ቀን እየተጠጋ መጣ። በመካከሉ ሁለት ደንበኞቿ ተመሳሳይ ጉዳይ ገጠማቸው። አንዷ ውጭ አገር አጭር ሥልጠና ያገኘች መምህር ናት፤ ሌላዋ ባሏ ውጭ ያለ፣ ሠርጓ ያለፈው ክረምት የሆነ ልጅ ናት፤ እስካሁንም ሙሽራዋ ነው የሚሏት። ሁለቱንም «ላይ ውጡ፣ እህቴ ናት» ብላ የላከቻቸው ለስላሳ ናት።

አንድ ቅዳሜ ወኪሏ ገና ከበር ወረቀት እያውለበለበች ገባች። የቀጠሮ ማረጋገጫ ነው። ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ሰዓት አለው፣ ከላይ ረጅም ቁጥርና ባርኮድ አለው። ቀኑ ከቀዶ ጥገናው በፊት ሰፊ ጊዜ የሚሰጥ ነበር። ለስላሳ ወኪሏን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት፤ ያን ቀን የፀጉሯንም አላስከፈለቻትም። እቴቴ ጋ ደውላ «እመጣለሁ» አለች።

የቀጠሮው ዕለት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ወረቀቶቿን በፕላስቲክ አቃፊ ይዛ ማዕከሉ በር ላይ ተሰለፈች። ጥበቃው ስም ዝርዝሩን በጣቱ እየወረደ ፈለገ፤ ተመልሶ ወጣ፤ እንደገና ወረደ። ስሟ የለም። ማረጋገጫዋን ስታሳየው አዘነላትና ወደ መረጃ መስኮቱ አስገባት። መስኮቱ ጀርባ የነበረችው ሠራተኛ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ አስገባች። ከዚያ ፓስፖርቷን ጠየቀቻት፤ የእሱንም ቁጥር አስገባች። ፊቷ ክፉ ወሬ መንገር የለመደ ሰው ፊት ሆነ።

«እናቴ፣ ይህ የቀጠሮ ቁጥር የእርስዎ አይደለም» አለቻት። «የሌላ ሰው ነው፤ ቀኑም ካለፈ ቆይቷል። በእርስዎ ፓስፖርት የተከፈተ ማመልከቻም፣ የተያዘ ቀጠሮም የለም።»

«ምናልባት ተሰርዞ ይሆናል?»

«ቢሰረዝ የተሰረዘ ብሎ ያሳየኝ ነበር። ምንም አልተጀመረም።»

ሠራተኛዋ የሚደረገውንም ነገረቻት። ቀጠሮ የሚያዘው በማዕከሉ ድረ ገጽ ነው፤ አመልካች በራሱ ኢሜይል አካውንት ይከፍታል፣ ማረጋገጫውም በዚያው ኢሜይል ይደርሰዋል። ማዕከሉ ከወኪሎች ጋር የሚሠራው ነገር የለም፤ ለወኪል የተከፈለውንም እነሱ ሊመልሱ አይችሉም። ቅሬታዋን በጽሑፍ ለወኪሉ ታቅርብ፤ ካልሆነ ፈቃድ ወደሰጠው ቢሮ መሄድ ትችላለች። በቅርቡ ክፍት ቀን አለ ወይ ብላ ስትጠይቃት ሠራተኛዋ «የለም» አለቻት።

ለስላሳ ከበሩ ወጥታ ደወለች። ወኪሏ ወዲያው አነሳች። የሲስተም ችግር ነው፣ እዚያ ያሉት ልጆች አዲስ ናቸው፣ ውስጥ የማውቀው ሰው አለ፣ ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ አለች። እውነት ለመናገር ለስላሳ አመነቻት። ታክሲ ውስጥ ሆና ያቺን ሠራተኛ በሆዷ ስትወቅስ ነው ቤቷ የደረሰችው። ሰው የሚወደውን ላለመጠርጠር የማያውቀውን መጠርጠር ይቀለዋል።

ግን «ምንም አልተጀመረም» የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ቅዳሜ ወኪሏ እንደልማዷ ማልዳ መጣች፤ ምሳ ግብዣ እንዳለባት ተናግራ መታጠቢያው ላይ አንገቷን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። ለስላሳ ውሃውን ሞቅ አድርጋ ለቀቀችው። ወኪሏ ማዕከሉ ውስጥ የምታውቀው ሰውዬ ምን እንዳላት፣ እሱ ደግሞ ከአለቃው ምን እንደሰማ ትተርክ ጀመር። ለስላሳ እየሰማች ሻምፖውን አረፋ አስያዘችው። ከዚያ ድምጿን ሳትቀይር ጠየቀች።

«አካውንቱን በማን ኢሜይል ነው የከፈትሽው?»

ለስላሳ ፀጉሯን ማሸቷን ቀጠለች። ውሃው ይፈሳል።

«በእኔ ነው በአንቺ?»

«ቆይ ልንገርሽ» አለች ወኪሏ፤ ዓይኗን አልገለጠችም። «ቀን የሚባል ነገር ጠፋ። አንቺ ደግሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ፤ ፊትሽን ማየት አቃተኝ። ትንሽ ትረጋጊ ብዬ ነው። እስከዚያ ይከፈታል፣ እቀይረዋለሁ ብዬ ነው።»

«ማመልከቻውንስ?»

«እሱንም አብሬ እከፍተዋለሁ ብዬ ነው።»

«የከፈልኩትስ?»

«ከቢሮው ኪራይ ጋር ተቀላቀለ።»

ለስላሳ በኋላ ይህን ስታወራ «ሰው ጭንቅላቱን በእጄ ላይ ጥሎ እንዴት ሲዋሸኝ ከረመ?» ትል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሥራዋን ቀጠለች። ሻምፖውን አለቀለቀችው፤ ፎጣ ጠመጠመች፤ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቀለለች፤ ሽማግሌው ሥር አስቀመጠቻት። ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ሰው ከቤቷ ወጥቶ አያውቅም። ስትጨርስ መስታወቱን ይዛ የኋላዋን አሳየቻት። ወኪሏ ብሯን መስታወቱ ሥር አስቀምጣ «አመሰግናለሁ እህቴ» ብላ ወጣች። ለስላሳ ያኔ ቁጭ አለች።

መጀመሪያ ያሰበችው መምህሯንና ሙሽራዋን ነው። ሳይውል ሳያድር ሁለቱንም ደውላ ጠራቻቸው። እነሱም እንደሷ ማረጋገጫ ተሰጥቷቸዋል፤ ቀናቸው ግን ገና ነው። መምህሯ ስልኳን አውጥታ የሦስቱን ወረቀት ፎቶ ጎን ለጎን አስተያየች። ቁጥሩ የሦስቱም አንድ ነው። ስምና ቀን ብቻ ነው የተቀያየረው።

ለስላሳ አብረው የሚናደዱ መስሏት ነበር። መምህሯ ግን ቀስ ብላ ቀና አለችና «አንቺስ ያንቺን ድርሻ ትመልሺልናለሽ?» አለቻት።

«የምን ድርሻ?»

«ዋጋ ቀንሺልን ስንላት ‹ለለስላሳ ኮሚሽን የምሰጠው ከዚሁ ላይ ስለሆነ አይቻልም› ነው ያለችን።»

ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ «እኔንም እንደዚያው ነው ያለችኝ፣ እትዬ ለስላሳ» አለች። «ምን አለበት፣ ትብላ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ለስላሳ ቀጠሮው ውሸት መሆኑን ስትሰማ እንዲህ አልሆነችም። አሁን ግን ማለች፣ ተገዘተች። መምህሯ ያመነቻት ትመስላለች፤ ሙሽራዋ ግን ቦርሳዋን አንስታ ሰላምታ ሳትሰጥ ወጣች። ለካ ደንበኛ በየወንበሩ ተቀምጦ ደላላ ናት እያለ ሲያያት ኖሯል። ስንቱ ጋ እንዲህ ተብሏል? ሰፊው ጋስ የላከችው? ጥርስ ሐኪሙ ጋስ? ማታ ለባሏ ነገረችው። «ከቪዛው ይልቅ ይሄ ነው አንጀቴን የቆረጠው» አለችው። እሱም «እንዲህ አድርጊ» ሳይል፣ «ነግሬሽ ነበር» ሳይል፣ እራቱን ራሱ አሙቆ አቀረበላት።

የቅሬታውን ደብዳቤ የጻፈችው መምህሯ ናት። ስድብ አልገባበትም። መቼ ምን እንደተከፈለ፣ ለምን እንደተከፈለ፣ ምን ወረቀት እንደተሰጣቸው፣ ማዕከሉ ምን እንዳለ ተዘርዝሮ፣ ሁለት ነገር ተጠየቀበት፤ ክፍያው እንዲመለስና መልሱ ቀን ተቆርጦለት በጽሑፍ እንዲሆን። ለስላሳና መምህሯ ፈረሙ፤ ሙሽራዋ ጥቂት ቀን አስባ ፈረመች። ሁለት ቅጂ ይዘው ላይ ወጡ፤ አንዱን ለቢሮው ጸሐፊ ሰጥተው ሌላው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱበት።

በዚያው ምሽት ወኪሏ ለብቻዋ ወረደች። ለስላሳ ወለል እየጠረገች ነበር።

«ያንቺን ሙሉውን ነገ እሰጥሻለሁ» አለች ወኪሏ። «ቀጠሮሽንም ያለ ምንም ክፍያ እይዝልሻለሁ። ስምሽን ብቻ ከደብዳቤው አውጪ። እነሱ ያለ አንቺ ብዙ አይገፉበትም።»

«ኮሚሽን እሰጣታለሁ ብለሻቸዋል።»

«የንግድ ወሬ ነው እኮ፤ ሁሉም ሰው ይለዋል።»

«እኔ አልልም» አለች ለስላሳ።

ወኪሏ «እህቴ» ብላ ጀመረች። ለስላሳ ግን መጥረጊያውን አነሳችና ወለሉን ቀጠለች፤ ከእግሯ አጠገብ ስትደርስ ወኪሏ ወደ በሩ ፈቀቅ አለች። ቀላል አልነበረም፤ የእቴቴ ቀን ደጅ ላይ ነበር፣ ብሩም ያስፈልጋት ነበር። ያን ሌሊት በእንቅልፍ ልቧ እንኳ «ፈርሜ ጠፋሁ» ስትል እንደሰማት ባሏ ይናገራል።

ወኪሏ ለደብዳቤው መልስ አልሰጠችም። የሰጧት ቀነ ገደብ ሲያልፍ ሦስቱ ሴቶች ለጉዞ ወኪሎች ፈቃድ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄዱ። የሸማቾች ቅሬታ ክፍል ሹም ጉንፋን የያዘው፣ ሻርፕ የጠመጠመ ሰው ነው። የደረሰኞቹን፣ የሦስቱን ማረጋገጫዎችና የስልክ መልእክቶቹን ቅጂ ተቀብሎ መዝገብ ከፈተ። ማዕከሉ ለመምህሯ በኢሜይል የላከውን «በዚህ ፓስፖርት የተያዘ ቀጠሮ የለም» የሚል መልስም አብሮ አያያዘ። ከዚያ ወኪሏን በመጥሪያ ጠራት።

በመጥሪያው ቀን አራቱ ሴቶች ከሹሙ ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ወኪሏ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ደረሰኙ የማማከር አገልግሎት እንደሚል፣ ቀጠሮ አገኛለሁ ብላ ዋስትና እንዳልሰጠች፣ ክፍት ቀን የጠፋው በእሷ ጥፋት እንዳልሆነ ተናገረች። ሹሙ አላቋረጣትም።

«ቀን አለመገኘቱ ጥፋትዎ አይደለም» አላት በመጨረሻ። «ቀን አልተገኘም ብለው የማመልከቻውን ክፍያ ቢመልሱ እዚህ አንገናኝም ነበር። ግን ይህንን ወረቀት ማን ሠራው?»

ወኪሏ ወረቀቱን አየችው እንጂ አልነካችውም። ሹሙ ቢሮው የሚያየው የፈቃዱንና የክፍያውን ጉዳይ እንደሆነ፣ የወረቀቱ ነገር ግን ለፖሊስ እንደሚተላለፍ ገለጸ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ የሚጨምሩት ነገር ካለ ጠየቀ። ለስላሳ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች።

«አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፤ ለእሷ ነው» አለች። ወደ ወኪሏ ዞረች። «ለእነዚህ ሰዎች ለስላሳ ኮሚሽን ትቀበላለች ብለሻል። ሰጥተሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሹሙ ይህ በመዝገቡ የለም ሊል አፉን ከፈተና ተወው። የወኪሏ ፀጉር በሌላ እጅ የተሠራ ነበር፤ ለስላሳ ያን ጊዜ ነው ያስተዋለችው።

«አልሰጠኋትም» አለች ወኪሏ ጠረጴዛውን እያየች። «ዋጋ እንዳይቀንሱ ብዬ ነው ያልኩት። እሷ አታውቅም።»

መምህሯ ከጠረጴዛው ሥር የለስላሳን እጅ ያዘች። ሙሽራዋ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ውሳኔው ክፍያው ሁሉ እንዲመለስና ጉዳዩ እስኪጣራ የወኪሏ ቢሮ የቪዛ አገልግሎት እንዳይሰጥ ነበር። ገንዘቡ ተቆራርጦ፣ በስንት መመላለስ መጣ። የፖሊሱ ጉዳይ ግን እስካሁን አላለቀም። መምህሯ ሥልጠናው አመለጣት፤ ፀጉሯን ግን አሁንም ለስላሳ ጋ ነው የምትሠራው። ሙሽራዋ ተመልሳ አልመጣችም። ከዚያ ሁሉ በኋላም ያመነች አትመስልም፤ ወይም አምና አፍራለች። ለስላሳ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች፤ ጠይቃት ግን አታውቅም። አንድ ሰው «ጥሩ ሐኪም ታውቂያለሽ?» ሲላትም ዛሬ ዛሬ መልሷ «አላውቅም» ነው፤ እያወቀች።

እቴቴ ቀዶ ጥገናው ሲደረግላት ለስላሳ ሱቋ ውስጥ ስልኳን ኪሷ ከታ የሰው ፀጉር ትሠራ ነበር። በኋላ መምህሯ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣችና በራሷ በለስላሳ ኢሜይል አካውንት ከፈተችላት። ክፍት ቀን ለማግኘት ሁለቱም እየተፈራረቁ ሲጠብቁ ከረሙ፤ ሲገኝ ከማዕከሉ የመጣው መልእክት በለስላሳ ስልክ ገባ። አሻራ ሰጠች፤ ቪዛው መጣ። ስትደርስ እቴቴ ራሷ ናት በሩን የከፈተችላት፤ ከዘራ ይዛለች፤ ከስታለች።

በመጀመሪያው ምሽት ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ጋደም ብለው እቴቴ ስለዚያ ቀን አወራቻት። ወደ ቀዶ ጥገና ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ነርሷ ወረቀት ይዛ መጥታ አጠገብሽ ማን አለ፣ ስትነቂ ማንን እንጥራልሽ ብላ ጠይቃት ነበር። የጎረቤት ሴት ልታስገባት ብቻ መጥታ ወደ ሥራዋ ሄዳለች።

«ምን አልሻት?» አለች ለስላሳ።

«እህቴ መንገድ ላይ ናት አልኳት» አለች እቴቴ። «ሌላ ምን ልበላት?»

ለስላሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እቴቴም እንደ ልጅነቷ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።